ጉዳዩ፦ በጡረታ ለሚሰናበቱት መምህርታችን የሚጻፈውን የምስጋና ደብዳቤ ይመለከታል

ለተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

በቅድሚያ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። የሴሚስተሩ ውጤት አርብ ይሰጣል፤ ልጆቻችሁ ከቤተ መጻሕፍት የተዋሷቸው መጻሕፍትም እስከዚያው እንዲመለሱ እናሳስባለን። አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ።

ከ30 ዓመት በላይ ሦስተኛ ክፍልን ሲያስተምሩ የኖሩት መምህርታችን በዚህ ዓመት መጨረሻ በጡረታ ይሰናበታሉ። ከየቤተሰቡ አንድ አንድ የምስጋና ደብዳቤ ሰብስበን፣ በአንድ ላይ ጠርዘን ልንሰጣቸው አስበን ወረቀት ልከንላችሁ ነበር። በጊዜ ስለመለሳችሁ እናመሰግናለን። ነገር ግን አብዛኞቹን ደብዳቤዎች ዛሬ በልጆቻችሁ ቦርሳ መልሰን ልከናል።

ይህን የምጽፈው ስልካችን መጮህ ሳይጀምር ነው። «ምስጋናም ይመለሳል እንዴ?» የሚል ወላጅ እንደሚኖር አውቃለሁ። «ትምህርት ቤቱ ደግሞ እኛንም ማረም ጀመረ?» የሚልም አይጠፋም። ደብዳቤዎቹን የመለስነው ንቀን አይደለም። ፊደል ለማረምም አይደለም። ሁሉም አንድ ዓይነት ስለሆኑብን ነው።

ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ አንድ በአንድ አንብቤያቸዋለሁ። «እንደ ሻማ ቀልጠው ብርሃን የሆኑልን»፣ «የትውልድ ቀራጭ»፣ «ውለታዎ በምንም አይከፈልም»፣ «ላደረጉልን ሁሉ ቃላት ያጥረናል»። አንዱ ከሌላው የሚለየው በፊርማው ብቻ ነው። አንዱማ ከስልክ ላይ እንዳለ ስለተገለበጠ «የተማሪው ስም» የሚለው ባዶ ቦታ እንኳ ሳይሞላ መጥቷል።

ቃላቱ ውሸት አይደሉም፤ ክፋትም የለባቸውም። ግን ለየትኛውም መምህር ይሆናሉ። እስቲ ይህን ሞክሩ። ደብዳቤያችሁ ላይ የመምህርታችንን ስምና የራሳችሁን ፊርማ በእጃችሁ ሸፍኑ። የቀረው ጽሑፍ ከሌላ ቤተሰብ ለሌላ መምህር ቢላክም የሚያስኬድ ከሆነ፣ ደብዳቤው ገና አልተጻፈም ማለት ነው። ደግሞ እሳቸው የሚያነቡት ዛሬ አንድ፣ ነገ አንድ እያሉ አይደለም። ቁጭ ብለው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነው። አራተኛው «ሻማ» ላይ ሲደርሱ ዓይናቸው መዝለል ይጀምራል።

«ታዲያ ምን እንጻፍ?» ትሉ ይሆናል። ዛሬ ጠዋት ከገጠመኝ ልነሣ። ደብዳቤያቸው ከሚመለስባቸው እናቶች አንዷን በር ላይ አገኘኋቸው። የምጽፈው ፈቅደውልኝ ነው። ወረቀታቸው ላይ «ለልጄ ስላደረጉለት ሁሉ ከልብ አመሰግናለሁ፤ ፈጣሪ ውለታዎን ይክፈልዎ» የሚል ነበር። «ካደረጉለት ውስጥ እስቲ አንዱን ብቻ ይንገሩኝ» አልኳቸው። መጀመሪያ ትንሽ ከፋቸው። ቆይተው ግን እዚያው በር ላይ ቆመው ይነግሩኝ ጀመር።

ልጃቸው ሦስተኛ ክፍል ሳለ ሲያነብ ይንተባተብ ነበር። ተነሥቶ ማንበብ እንደ ቅጣት ያስፈራው ነበር። መምህርታችን በድንገት አስነሥተውት አያውቁም። ነገ የሚያነበውን አንቀጽ ዛሬ ያሳውቁታል። ሌሎቹ ልጆች እንዳይሰሙ ደግሞ በቃል አይነግሩትም፤ መጽሐፉ ላይ ከአንቀጹ ጎን በእርሳስ አንዲት ነጥብ ያደርጉለታል። ልጁ ማታ ያንኑ አንቀጽ ደጋግሞ ያነባል። እናቱ የቤት ሥራ መስሏቸው ነበር። ነጥቦቹን ያዩት ዓመቱ አልቆ መጽሐፉን ለመመለስ ሲያገላብጡ ነው። ከመጀመሪያዎቹ ገጾች ጀምሮ ነጥብ አለ፤ ወደ መጨረሻው ግን የለም። ልጁን ሲጠይቁት «አሁንማ ሳትነግረኝ ነው የማነበው» አላቸው።

«ይህን ነው መጻፍ ያለብዎት» አልኳቸው። ቢሮ ገብተው ጻፉት፦

«ልጄ ሦስተኛ ክፍል ሳለ ማታ ማታ አንድ አንቀጽ ደጋግሞ ያነብ ነበር። የቤት ሥራ ይመስለኝ ነበር። ከአንቀጾቹ ጎን ያደረጓቸውን የእርሳስ ነጥቦች ያየሁት ዓመቱ ሲያልቅ መጽሐፉን ሳገላብጥ ነው። ለካ በማግሥቱ የሚያነበውን ቀድመው ያሳዩት ኖሯል፤ ያውም ጓደኞቹ ሳያውቁ። ወደ መጨረሻዎቹ ገጾች ነጥብ የለም። አሁን ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ለታናሽ እህቱ ተረት የሚያነብላት እሱ ነው። ልጄ እንዳያፍር ስለተጠነቀቁለት አመሰግናለሁ።»

ግማሽ ገጽ እንኳ አልሞላም። «ምርጥ»፣ «ድንቅ»፣ «አቻ የለሽ» የሚል ቃል የለበትም። ግን በእጅ ብትሸፍኑት ለሌላ ሰው አይሆንም። መምህርታችን ምን እንዳደረጉ አለበት። እናቲቱ ነገሩን እንዴት እንዳወቁ አለበት። ዛሬ ቤት ውስጥ ምን እንደቀረም አለበት። ይህ የመጨረሻው ለአስተማሪ ትልቅ ነገር ነው። እኛ ልጆቹን ሰኔ ላይ እንሸኛለን፤ ከዚያ በኋላ ምን እንደሆኑ የሚነግረን የለም። ምስጋናውም መጨረሻ ላይ ነው የመጣው፤ ሲመጣም የሚያመሰግነው አንድ የታወቀ ነገርን ነው።

አሁን ወደምትሉት ልመለስ። «እኔ ጸሐፊ አይደለሁም» የሚለው ሳይቀድም አይቀርም። አሚት ኩማርና ኒኮላስ ኤፕሊ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ያሳተሙት ጥናት እዚህ ላይ ይጠቅመናል። ሰዎች ለሚያመሰግኗቸው ሰዎች የምስጋና ደብዳቤ እንዲጽፉ አደረጉ። ተቀባዩ ምን ሊሰማው እንደሚችልም ጸሐፊዎቹን አስገመቱ። ከዚያ ተቀባዮቹን ራሳቸውን ጠየቁ። ጸሐፊዎቹ ተቀባዩ ያፍራል ብለው የፈሩትን ያህል አላፈረም፤ ደስታውና መገረሙ ግን ከገመቱት በላይ ነበር። ጸሐፊው «አሳምሬ እጽፈው ይሆን?» ብሎ ሲጨነቅ ተቀባዩ የሚያየው የልብ ሙቀቱን ነው። ስለዚህ እባካችሁ አሳምሬ ልጻፍ ብላችሁ ከስልክ አትገልብጡ። የተሳሳተ ፊደል ይዞ ይምጣ፤ እንደዚያው እንጠርዘዋለን።

«ጊዜ የለንም» የሚለውም ይመጣል። መጻፉ ብዙ ጊዜ አይወስድም፤ የሚወስደው የሚጻፈውን ማግኘቱ ነው። እሱንም ልጆቻችሁ ያግዟችኋል። ግን «መምህርትሽን ትወጃታለሽ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ መልሱ «አዎ» ብቻ ነው። «ስትሳሳቱ ምን ትላችሁ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። «እሷ አስለምዳህ እስካሁን የምታደርገው ነገር ምንድን ነው?» በሉ። አንድ አባት እንዲህ ጠይቀው ነው ደብዳቤያቸው ሳይመለስ የቀረው። መምህርታችን ሒሳብ ሲበላሽ «ስህተቱ የት ጋ እንደገባ እንፈልገው» ይላሉ። ይኸው አነጋገር ቤታቸው ገብቷል። ቁልፍ ሲጠፋም፣ ገንዘብ ሲጎድልም፣ ባልና ሚስት ሲኮራረፉም ልጅቷ «የት ጋ እንደገባ እንፈልገው» ትላለች አሉ። አባትየው የጻፉት ይህንኑ ብቻ ነው። ሰው ንግግሩ በማያውቀው ቤት ውስጥ እንደሚኖር መስማቱ ከማንኛውም ሙገሳ ይበልጥበታል።

«ለስጦታ አዋጥተን የለም እንዴ?» የሚልም ይኖራል። አዋጥታችኋል፤ ምስጋናችን ይድረሳችሁ። ግን ስጦታው የሁላችን ነው። ልጃችሁን በሚመለከት የምትጽፉትን ሌላ ማንም ሊጽፍላችሁ አይችልም።

«ከእሳቸው ጋር ተጋጭተን ነበር፤ ምን ብለን እንጽፋለን?» የምትሉም እንዳላችሁ አውቃለሁ። ዝቅ ያለ ውጤት ተሰጠ ብላችሁ ቢሮዬ ድረስ የመጣችሁ አላችሁ። ዛሬ ነገሩ ገብቷችሁ ከሆነ እሱኑ ጻፉ። «ያን ጊዜ ተናድጄ ነበር፤ አሁን ግን ለምን እንዳልጨመሩለት ገብቶኛል» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ከአንድ ገጽ ሙገሳ ትበልጣለች። አሁንም ቅር የሚላችሁ ከሆነ ግን አትጻፉ። ወረቀቱን ባዶውን ብትመልሱት አንቀየምም። የውሸት ምስጋና ሲነበብ ያስታውቃል።

እንዳትጽፉ የምለምናችሁ ጥቂት ነገሮችም አሉ። «ከሌሎቹ መምህራን ሁሉ እርስዎ ይሻላሉ» አትበሉ። ጥራዙን ሌሎቹም ያዩታል፤ እሳቸውም በባልደረቦቻቸው ፊት መሳቀቃቸው አይቀርም። «እንግዲህ አሁን አርፈው የሚቀመጡበት ጊዜ ነው» የሚለውም ይቅር። አርፌ ልቀመጥ ብለው አልነገሩንም። ስለወደፊቱ መጻፍ ካማራችሁ፣ በእናንተ በኩል ስለሚሆነው ጻፉ፤ ለምሳሌ ልጃችሁ የሚወደውን መጽሐፍ ሲጨርስ ሊነግራቸው እንደሚፈልግ። የልጃችሁን የጤና ወይም የቤተሰብ ሚስጥር የሚነካ ነገር ካለ ደግሞ ለብቻው በታሸገ ፖስታ ላኩት፤ ሳንከፍት እንሰጣቸዋለን።

ስለ ልጆቹ ጽሑፍ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ልጁ የጻፈውን አትሰርዙበት። አንድ ወረቀት ላይ «ጠመኔ ሲሰበር ትልቁን ለእኛ ትሰጪን ነበር» የሚል የልጅ ጽሑፍ አየሁ። በላዩ ላይ በትልቅ ሰው እጅ መስመር ተሰምሮበት «የእውቀትን ብርሃን ስላበሩልን» ተብሎ ተተክቷል። በጣም ነው ያዘንኩት። ስለ ጠመኔው ሊያውቅ የሚችለው ሰሌዳ ላይ እንዲጽፍ የተጠራ ልጅ ብቻ ነው። ያ ቤተሰብ እባካችሁ የልጁን ዓረፍተ ነገር መልሱለት። ለመምህርቱ «አንቺ» ማለቱም እንዳለ ይቆይ፤ ሦስተኛ ክፍል ሲጠራቸው የኖረው እንደዚያ ነው።

የቀረው አጭር ነው። በእጃችሁ ጻፉ፤ በወረቀቱ አንድ ገጽ ላይ ብቻ ይሁን፤ ለመጠረዣ በግራ በኩል ሁለት ጣት ያህል ክፍት ተዉ። የልጃችሁን ሙሉ ስምና እሳቸው ዘንድ የተማረበትን ዓመት ከታች ጻፉ። ስንትና ስንት ልጅ አስተምረዋል፤ «የአቤል እናት» ብቻ ብትሉ የትኛው አቤል እንደሆነ አያውቁም። ደብዳቤያችሁ ያልተመለሰላችሁ ደግሞ ምንም አትንኩት፤ እኛ ጋ ተቀምጧል።

አዲሱን ወረቀት እስከ ሚቀጥለው ሳምንት ረቡዕ ድረስ ጸሐፊዋ ጋ አድርሱ፤ በልጆቹ እጅ ወደ መምህራን ክፍል አትላኩ፤ እሳቸው ገና አላወቁም። ምን እንደምትጽፉ የጠፋችሁ ካላችሁ ጠዋት ጠዋት በር ላይ አለሁ፤ መጥታችሁ አነጋግሩኝ።

ከሰላምታ ጋር
ርዕሰ መምህሩ