ሻንጣው ቢቀርስ?

ውድ ልጄ፣

ትናንት ማታ ለውጭ አገር ሥራሽ ልብስሽን አልጋ ላይ ዘርግተሽ ስታጣጥፊ በበሩ በኩል አየሁሽና ዝም ብዬ አለፍኩ። ልነግርሽ የፈለግኩት ብዙ ስለነበር አፌ ላይ ይደበላለቅብኛል ብዬ ነው። «አባዬ ደግሞ ጀመረው» እንደምትዪ አውቃለሁ። ግን አንብቢው።

የመጀመሪያ ኮንትራቴን ስሄድ ትልቁ ሻንጣዬ አልደረሰም። ሰው ሁሉ የየራሱን እያነሳ ሄደ፤ መጨረሻ ላይ አንዲት የማላውቃት ቀይ ሻንጣ ብቻዋን ስትዞር ቀረች። የእኔዋ የመጣችው በአራተኛው ቀን ነው። የደም ግፊት መድኃኒቴ፣ ቅያሪ ልብሴ፣ የአሠሪዬ ስልክ የተጻፈበት ወረቀት፣ ሁሉም እሷ ውስጥ ነበሩ። ፋርማሲ ሄጄ የመድኃኒቱን ስም ነገርኳቸው። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን የፋብሪካውን ስም ነው የማውቀው። እዚያ አገር ደግሞ በዚያ ስም አይሸጥም። አምሎዲፒን ብል ኖሮ ወዲያው ይገባቸው ነበር። ስሙ ሥር በትንሹ ተጽፎ ሳለ አንድም ቀን አላነበብኩትም።

ስለዚህ እያንዳንዱን ዕቃ ስታነሺ አንድ ጥያቄ ጠይቂ፦ ትልቁ ሻንጣ ለአራት ቀን ቢቀር ይሄ ይቸግረኛል? የሚቸግርሽ ከሆነ በእጅ የምትይዢው ቦርሳ ውስጥ ይግባ። ሻንጣሽ ካልመጣ ደግሞ ከአዳራሹ ሳትወጪ የአየር መንገዱን የሻንጣ ጉዳይ ቢሮ ፈልጊና አስመዝግቢ። ሻንጣሽን ኤርፖርት ስታስረክቢ የሚሰጡሽን የሻንጣ ቁጥር ያለበትን ትንሽ ወረቀት አትጣዪው፤ የሚፈልጉልሽ በእሱ ነው።

ከመድኃኒትሽ ልጀምር፣ እኔን ያስጨነቀኝ እሱ ነውና። የአስም ፓፍሽን ሁለት አድርጊው፤ ሁለቱም ከእጅሽ አይለዩ። ብዙዎቹ 200 ርጭት ነው ያላቸው፤ ያንቺም ላይ ተጽፏል። አሁን በሳምንት ሁለት ቀን፣ በቀን ሁለት ጊዜ አንድ አንድ ርጭት ብትወስጂ በሳምንት አራት ርጭት ማለት ነው። አንዱ ፓፍ ወደ 50 ሳምንት ይሄድልሻል። ግን አዲስ ቦታ፣ አዲስ አቧራ፣ ምናልባትም የጽዳት ኬሚካል ይኖራል። በቀን አራት ርጭት ከደረስሽ ያው ፓፍ 50 ቀን ብቻ ነው የሚቆየው። እዚያ ከደረሰ ደግሞ ችግሩ የፓፉ ማለቅ አይደለም፤ አስምሽ ከቁጥጥር ወጥቷል ማለት ስለሆነ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ቆጣሪ የሌለው ፓፍ ሲያልቅ አይታወቅም። መድኃኒቱ ካለቀ በኋላም ጋዙ መርጨቱን ይቀጥላል፤ ነቅንቆ መገመትም አያዋጣም። ላዩ ላይ የጀመርሽበትን ቀን በስክሪብቶ ጻፊበት። ስሙን ደግሞ ሁለቱንም ያዢ፦ ብዙ ቦታ ሳልቡታሞል ይባላል፣ አንዳንድ አገር ግን አልቡቴሮል ነው። መድኃኒቱ አንድ ነው።

በሁለተኛው ጉዞዬ ተምሬያለሁ ብዬ መድኃኒቴን በእጄ ያዝኩ። ቦታ ለመቆጠብ ግን ከካርቶኑ አውጥቼ፣ ክኒኖቹን ከማሸጊያቸው ፈልፍዬ ፌስታል ውስጥ ከተትኳቸው። የጉምሩኩ ሰውዬ ፌስታሉን ወደ መብራቱ ከፍ አድርጎ ነጫጮቹን ክኒኖች እያየ «ይሄ ምንድን ነው?» አለኝ። ምን ብዬ ላስረዳው? ወሰዳቸው። ሰውዬውን አልቀየምኩትም፤ ስም የሌለው ነጭ ክኒን ምንም ሊሆን ይችላል። መድኃኒት በራሱ ካርቶን ይሂድ፤ ያንቺ ሙሉ ስም ያለበት የሐኪም ማዘዣም አብሮት ይኑር።

አንድ ነገር አደራ። ለጀርባ ሕመምሽ የሰጡሽን ትራማዶል ሳትጠይቂ እንዳትይዢ። ኮዴይን ያለበት የሳል ሽሮፕም እንዲሁ። እነዚህ በብዙ አገሮች ቁጥጥር የሚደረግባቸው ናቸው፤ አንዳንዱ ጋ አስቀድሞ ፈቃድ ካልተጠየቀባቸው ያሳስራሉ። የምትሄጂበትን አገር ኤምባሲ ጠይቂና መልሱን በጽሑፍ ያዢ። ለተራ ራስ ምታት ፓራሲታሞል ይበቃሻል።

ወረቀቶችሽን በተመለከተ፦ ዛሬ ማታ ፓስፖርትሽን፣ ቪዛሽንና ኮንትራትሽን ጎን ለጎን አስቀምጪና ስምሽን ፊደል በፊደል አስተያዪ። የአንድ ፊደል ልዩነት እዚህ ሆነሽ ይታረማል፤ መግቢያው ላይ ግን ጣጣ ነው። ፓስፖርትሽ ከምትገቢበት ቀን በኋላ ቢያንስ ስድስት ወር መቆየቱንም እዪ፤ ብዙ አገሮች ይህን ይጠይቃሉ። ኮንትራቱ አንቺም አሠሪሽም የፈረማችሁበት ይሁን፤ ደመወዙ፣ የሥራ ሰዓቱና የዕረፍት ቀኑ የተጻፈበትን ገጽ ለይተሽ ፎቶ አንሺው።

ከሁሉም ሦስት ቅጂ ይኑር፦ አንዱ ካንቺ ጋር በወረቀት፣ አንዱ ኢሜይልሽ ውስጥ፣ አንዱ እኔ ጋ። «ስልኬ ላይ አለ» አትበዪኝ። ስልክ ይሰረቃል፣ ይሰበራል፣ ይቀማል። የአሠሪሽን አድራሻ፣ የኤምባሲያችንን ስልክና የእኔን ቁጥር በወረቀት ጽፈሽ ከፓስፖርትሽ በተለየ ኪስ አስቀምጪ። ፓስፖርትሽን «እኛ ጋ ይቀመጥ» የሚል ቢመጣ፣ የዓለም የሥራ ድርጅት የሠራተኛን መታወቂያ ሰነድ መያዝን ከግዳጅ ሥራ ምልክቶች አንዱ አድርጎ እንደሚቆጥረው እወቂ። እምቢ ማለት ባትችዪ እንኳ ቅጂው በእጅሽ ይኑር።

ልብስ ላይ ብዙ አልልም፤ ከእኔ ትሻያለሽ። የሥራ ልብስ እነሱ ይሰጡ እንደሆነ ብቻ አስቀድመሽ ጠይቂ። እኔ ሳልጠይቅ አምስት ሱሪ ይዤ ሄጄ ሁለት ዓመት ሙሉ በቱታ ነው የኖርኩት። ጫማ ግን አዲስ አታድርጊ፤ እግርሽ የለመደውን፣ ከባዱን አድርገሽ ሂጂ። አንድ ቅያሪ ከነውስጥ ልብሱ በእጅ ቦርሳው ይግባ።

ትንንሾቹ ነገሮች ደግሞ አሉ። የጆሮ መድፈኛ ያዢ፤ ከስድስት ሰው ጋር ስትተኚ ታመሰግኚኛለሽ። የሶኬት ማቀያየሪያና ነጠላ ጫማም አይቅሩ። ፓወር ባንክሽን ትልቁ ሻንጣ ውስጥ እንዳትከቺ፤ ባትሪው እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል በእጅ ብቻ ነው የሚፈቀደው። የራስሽን የትራስ ልብስ ሳይታጠብ ውሰጂው። ሳቂብኝ፣ ግን የመጀመሪያውን ሳምንት እንቅልፍ የሰጠኝ እሱ ነው። የቤተሰቡን ፎቶ አሳትሜዋለሁ፤ ጠረጴዛው ላይ አለ።

የሰው ዕቃ ግን አትቀበዪ። «እባክሽ ለእህቴ አድርሺልኝ» የሚል አይጠፋም። ጎረቤትም ይሁን ዘመድ፣ ያልከፈትሽው ጥቅል ሻንጣሽ ውስጥ አይግባ። ይሉኝታ ከያዘሽ «አባቴ ከለከለኝ» በያቸው፤ እኔን ይቀየሙኝ።

ሐሙስ ማታ ሚዛኑን ከጎረቤት አመጣለሁ። መጀመሪያ ብቻሽን ትቆሚበታለሽ፣ ከዚያ ሻንጣውን ይዘሽ፤ ልዩነቱ ቲኬትሽ ላይ ከተጻፈው ኪሎ አንድ ኪሎ ያነሰ ይሁን፣ የእነሱ ሚዛን አንዳንዴ ከእኛው ይለያልና። ከበለጠ መጀመሪያ የምናወጣው ያንን ሦስተኛ ጃኬት ነው፤ ከአሁኑ ተስማሚ።

አባትሽ