ካርቶኑ ቀላል፣ ሂሳቡ ከባድ የሚሆነው ለምንድን ነው?

ውድ ደንበኞቻችን፣

«ሁለት ኪሎ ተኩል ልኬ የ16 ኪሎ አስከፈላችሁኝ፣ ሚዛናችሁ ተበላሽቷል እንዴ?» የሚል ጥያቄ በተደጋጋሚ ይደርሰናል። ሚዛኑ ደህና ነው። አውሮፕላን ብዙ ጊዜ ኪሎው ሳይሞላ ቦታው ይሞላል፤ ስለዚህ አጓጓዡ ለእያንዳንዱ ጥቅል ሁለት ቁጥር ያወጣና በትልቁ ያስከፍላል። አንዱ ሚዛን ላይ የምታዩት ነው። ሌላው ጥቅሉ ከሚይዘው ቦታ የሚሰላው፣ ቮልዩሜትሪክ የሚባለው ክብደት ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። ርዝመቱን፣ ወርዱንና ቁመቱን በሳንቲ ሜትር ለክታችሁ አባዙና ለ5000 አካፍሉ። የሚወጣው ኪሎ ነው። 5000 በፈጣን መልእክት የተለመደ አካፋይ ሲሆን በ6000 የሚያሰሉም አሉ፤ ዋጋ ስታወዳድሩ ይህንንም ጠይቁ፣ በኪሎ ርካሽ የሚመስለው ሁሌ ርካሽ አይደለም።

ያ ሁለት ኪሎ ተኩል ብርድ ልብስ ነበር እንበል። 50 በ40 በ40 ካርቶን ውስጥ ሲገባ 80,000 ይመጣል፣ ለ5000 ሲካፈል 16 ኪሎ። ብርድ ልብሱን አየር በሚመጠጥበት ላስቲክ አድርጋችሁ 40 በ30 በ25 ካርቶን ውስጥ ብታስገቡትስ? 30,000 ለ5000፣ 6 ኪሎ። እቃው ያው ነው፣ የቀነሰው አየሩ ብቻ ነው። ትንሽ ካርቶን ካጣችሁ ደግሞ የትልቁን አራት ማዕዘኖች ከላይ ወደ ታች እስከ እቃው ጫፍ ቅደዱና ትርፉን ወደ ውስጥ አጥፋችሁ በፕላስተር አሽጉት።

ግን አትጨናንቁት። መለኪያው የሚይዘው ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ሳይሆን በጣም የወጣውን ቦታ ነው። ያ የመጀመሪያው ካርቶን ክዳኑ አብጦ ቁመቱ 43 ቢሆን 17.2 ኪሎ ይሆናል፤ ብዙዎቹ አጓጓዦች ወደ ላይ ወደሚቀጥለው ግማሽ ኪሎ ስለሚያጠጋጉት የምትከፍሉት የ17 ተኩል ነው። ተጠቅልሎ የተላከ ፖስተርም ክብ ነው ብሎ የሚያዝንለት የለም፣ እንደ ሳጥን ነው የሚለካው።

መጽሐፍ የምትልኩ ሰዎች ይህ ሁሉ አይመለከታችሁም ማለት ይቻላል። 30 በ20 በ20 ካርቶን በስሌት 2.4 ኪሎ ነው፣ መጽሐፍ ከሞላ ግን ሚዛኑ ከዚያ በብዙ ይበልጣል፤ ስለዚህ የምትከፍሉት በሚዛን ነው።

አጓጓዡ እቃውን መጋዘኑ ላይ በራሱ ማሽን እንደገና ይለካል። ልዩነት ካገኘ ተጨማሪ ሂሳብ የሚመጣው እቃው ከሄደ በኋላ ነው፣ የሚያናድደውም ይኸው ነው። ስለዚህ ዋጋ ስትጠይቁን ከታሸገ በኋላ የለካችሁትን ሦስቱንም ቁጥር ከኪሎው ጋር ላኩልን። ሜትሩ ጥቅሉ ላይ ተደርጎ የተነሳ ፎቶ ካያያዛችሁ፣ ቅሬታ ለማቅረብ ስንፈልግ በጣም ይጠቅመናል።