በጠቅላላ ውክልና ቤት አይሸጥም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ውጭ አገር ያሉ ባለቤቶች በውክልና ስለሚያከራዩዋቸውና ስለሚሸጡዋቸው ቤቶች የሚነሳው ክርክር ብዙ ጊዜ “ወኪሉ ካደ” በሚለው ተጀምሮ እዚያው ያልቃል። ፍርድ ቤት ግን አስቀድሞ የሚጠይቀው ሌላ ነው። የውክልናው ወረቀት ምን ሥልጣን ይሰጣል? ወረቀቱ የማይሰጠውን ሥልጣን ወኪሉ ያለው አስመስሎ ያሳየው ወካዩ ራሱ ነው ወይ? ሁለቱ ጥያቄዎች ሲቀላቀሉ ገዢም ባለቤትም ይጎዳሉ።

አንድ ምሳሌ ልውሰድ። ዋሽንግተን የምትኖር እህት አዲስ አበባ ላለው ወንድሟ “ንብረቶቼን በሙሉ በእኔ ስም እንዲያስተዳድር” የሚል ውክልና ላከችለት እንበል። ወረቀቱ ኤምባሲ ተፈርሞ፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ፣ ውልና ማስረጃ ተመዝግቧል። ማኅተሙ ብዙ ስለሆነ ሁሉን የሚያስችል ይመስላል። ሆኖም በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በጠቅላላ አነጋገር የተሰጠ ውክልና ከአስተዳደር ሥራ አያልፍም ይላል (ቁጥር 2203)። ቀጣዩ ቁጥር የአስተዳደር ሥራ የሚባሉትን ይዘረዝራል፤ ንብረቱን መጠበቅና ማደስ፣ ከ3 ዓመት ለማይበልጥ ጊዜ ማከራየት፣ ዕዳ መሰብሰብና መክፈል የመሳሰሉት ናቸው። ስለዚህ ወንድምየው ቤቱን ለ2 ዓመት ቢያከራይ እህቱ ራሷ እንደፈረመች ይቆጠራል፤ ኪራዩ አነሰ ብላ ተከራዩን ማስወጣት አትችልም። ለ5 ዓመት ካከራየ ግን ከሥልጣኑ ወጥቷል። መሸጥ፣ በመያዣ መስጠት፣ በስጦታ ማስተላለፍ፣ በፍርድ ቤት መክሰስ ወይም መከሰስ በቁጥር 2205 መሠረት ልዩ ውክልና ይፈልጋሉ። “ማስተዳደር” የሚለው ቃል ምንም ያህል ቢለጠጥ “መሸጥ” አይሆንም። ደግሞም የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ ስላለበት ውክልናውም ያንኑ ፎርም መከተል ይኖርበታል፤ በስልክ “ሽጠው” ማለት አይበቃም።

ወንድምየው ቤቱን ሸጦ ገንዘቡን ቢቀበልስ? እህትየው ሁለት ምርጫ አላት፤ ሽያጩን ማጽደቅ ወይም አለመቀበል። ካጸደቀች ውሉ ከመጀመሪያው በሥልጣኑ የተደረገ ያህል ያስገድዳታል። ካልተቀበለችው ውሉ ይፈርሳል፤ ገዢው ገንዘቡን የሚጠይቀው ከወንድምየው ነው።

ከዚህ በላይ ሰው የሚሳሳተው ውክልናው ከተሻረ በኋላ ባለው ነው። እህትየው ወንድሟን “ከዛሬ ጀምሮ ሽሬሃለሁ” ብላ ደብዳቤ ላከችለት፤ ዋናውን ወረቀት ግን አላስመለሰችም፤ ተከራዩንም አላሳወቀችም። ወንድምየው ያንኑ ወረቀት ዘርግቶ የስድስት ወር ኪራይ በቅድሚያ ተቀበለ። ሥልጣኑ በእርግጥ አብቅቷል። ተከራዩ ግን ሊያውቅ የሚችልበት መንገድ አልነበረም፤ ውክልናው እንዳለ የነገረችው እሷ ናት፣ መሻሩን ሳትነግረው የቀረችውም እሷ። ቁጥር 2195 የያዘው ይህን ነው፤ ውክልና መኖሩን አሳውቆ መሻሩን ያላሳወቀ፣ የውክልናውን ሰነድ ሳያስመልስ ወይም በፍርድ ቤት ዋጋ እንዳይኖረው ሳያስደርግ የተወ፣ ወይም በንግግሩ፣ በአድራጎቱ አለዚያም በዝምታው ሦስተኛ ወገንን ያሳሳተ ወካይ ከወኪሉ ጋር በአንድነት ኃላፊ ይሆናል። ልብ ሊባል የሚገባው የአሳሳቹ ነገር ምንጭ ነው። ወኪሉ ብቻውን “ሥልጣን አለኝ” ስላለ ወካዩ አይጠየቅም፤ እምነቱ ከወካዩ ቃል፣ አድራጎት ወይም ቸልታ የመጣ መሆን አለበት። ለዚህ ነው ከላይ ያነሳሁት ቤት ገዢ በዚህ ድንጋጌ መጠጋት የሚቸግረው፤ የያዘው ወረቀት ራሱ “ማስተዳደር” ነው የሚለው፣ ቢያነበው ኖሮ አይሳሳትም ነበር።

ስለዚህ ውክልና የሚሽር ሰው ሽረቱን ውክልናው በተመዘገበበት ቦታ ያስመዝግብ፣ ዋናውን ሰነድ በፊርማ ይረከብ፣ ወኪሉ የሚገናኛቸውን ተከራይ፣ ባንክና ደንበኛ ለየብቻ በጽሑፍ ያሳውቅ። ወኪሉ ሰነዱን አልመልስም ካለ ፍርድ ቤት ዋጋ እንዲያሳጣው ማመልከት ይቻላል። ገዢው ደግሞ ቀብድ ከመክፈሉ በፊት ወረቀቱ ውስጥ “መሸጥ” እና “የሽያጭ ዋጋ መቀበል” የሚሉትን ቃላት በጣቱ ይፈልግ፤ ቤቱም በመለያው ተጠቅሶ ከሆነ ይበልጥ ይሻላል። ከዚያ ውክልናው አለመሻሩን ውልና ማስረጃ ሄዶ ያጣራ። ወካዩ በሕይወት መኖሩንም ይጠይቅ፤ ሌላ ስምምነት ከሌለ ውክልና በወካዩ ሞት ይቀራልና። ጥርጣሬ ካለው ባለቤቱን “ታጸድቃለህ ወይስ አታጸድቅም?” ብሎ በጽሑፍ ይጠይቅ፤ ወዲያው ካልጸደቀ እንዳልተቀበለው ይቆጠራል፣ ቀብዱንም እስከዚያው አለመክፈል ነው።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ የሕግ ባለሙያ፣ አዲስ አበባ