የአያትሽ ደብተር የተበላሸ ዐረብኛ አይደለም

ውድ ልጄ፣

አሰላሙ ዓለይኪ ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እኛ ሁላችን አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን፤ እናትሽም ዱዓዋን ልካልሻለች።

የአያትሽን ደብተር ፎቶ አይተሽ የጻፍሽልኝን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ፊደሉን ሁሉ ብታውቂውም ትርጉም የሚሰጥ ቃል እንዳጣሽ፣ ምናልባትም አያትሽ ዐረብኛውን በቅጡ አልተማሩት ይሆናል ብለሽ እንዳዘንሽ ነግረሽኛል። ልጄ፣ አያትሽ የሰዋስው ኪታቡን አጅሩሚያን ለደረሶቻቸው በቃላቸው ያስቀሩ ሰው ነበሩ፤ ዐረብኛ ሲጽፉም ሰዋስዋቸው አይዛነፍም ነበር። አንቺ ያየሻቸው ገጾች ግን ዐረብኛ አይደሉም። አማርኛ ናቸው፤ የተጻፉት በዐረብኛ ፊደል ነው። ይህን አጻጻፍ ዐጀም ይሉታል። ቃሉ መጀመሪያ ዐረብ ያልሆነውን ሰውና ቋንቋውን የሚያመለክት ሲሆን፣ በኋላ በዚያ ፊደል ለተጻፈው የአገሬው ቋንቋ መጠሪያ ሆኗል።

የተሳሳትሽበትን አንድ ቃል ልውሰድ። በሁለተኛው ገጽ ካፍ፣ ራ፣ ሚም፣ አሊፍ የተጻፈውን «ከረም» ብለሽ አንብበሽ ቸርነት ማለት መስሎሻል። የአናባቢ ምልክቶቹን ግን ተመልከቻቸው። ከካፉ በታች ከስራ፣ በራው ላይ ሱኩን፣ በሚሙ ላይ ፈትሓ አለ፤ መጨረሻው በአሊፍ ተስቧል። ይህ «ክርማ» ይሆናል፤ እንዲህ ያለ ቃል ደግሞ በዐረብኛም በአማርኛም የለም። በዐረብኛ ፊደል ውስጥ ለገ ድምፅ የተመደበ ሆሄ ስለሌለ አያትሽ ለከም ለገም የሚጽፉት ያንኑ ካፍ ነው። ስለዚህ ቃሉ «ግርማ» ነው፤ ስንኙም ስለ ነቢዩ ግርማ ይናገራል። ሌላ ጸሐፊ በካፉ ላይ ነጥብ ጨምሮ ይለየው ይሆናል፤ ሁሉንም የሚያስማማ አንድ ሕግ ስላልነበረ እያንዳንዱን እጅ ለብቻው መልመድ ያስፈልጋል። ጠን በጧ፣ ቀን በቃፍ ስለሚጽፉ ግን እነዚህ አያስቸግሩሽም።

ይበልጥ የሚያደክመው የአናባቢው ነገር ነው። አማርኛችን ሰባት አናባቢ አለው፤ የዐረብኛው ምልክት ግን ፈትሓ፣ ከስራና ደማ፣ የሚስቧቸውም አሊፍ፣ ያና ዋው ብቻ ናቸው። ግዕዙና ራብዑ ይለያያሉ፤ አንዱ በፈትሓ ብቻ፣ ሌላው በፈትሓና በአሊፍ ይጻፋል። ካዕቡና ሳብዑ ግን ሁለቱም ደማና ዋው፣ ሣልሱና ኃምሱም ሁለቱም ከስራና ያ ይሆናሉ። በአምስተኛው ገጽ ሀ ከያ ጋር፣ ቀጥሎም ዳል ከዋው ጋር ተጽፎ ያገኘሽው ቃል «ሄዱ»፣ «ሄዶ» ወይም «ሂዱ» ተብሎ ሊነበብ ይችላል። ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ፊደሉ አይነግርሽም፤ የሚነግርሽ ቤት መምቻው ነው። የአጠገቡን ስንኞች መጨረሻ ብታዪ አንዱ በ«ባዶ» ያልቃል፤ «ባዱ» የሚባል ቃል ደግሞ የለንም። ስለዚህ ሁሉም በ«ዶ» ይመታሉ፣ ያንቺም ቃል «ሄዶ» ነው ማለት ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ከሌላ ንባብ ይልቅ ስንኙን ድምፅ አውጥቶ ማዜም ይጠቅማል። መንዙማ የተጻፈው እንዲሰማ ነውና፣ ጀማው በድቤ ሲቀበለው ያልመታ ቤት ወዲያው ያስታውቃል።

እኔን ሁልጊዜ የሚደንቀኝ ግን ይህ ፊደል ከራሳችን ፊደል አብልጦ የሚያሳየው ነገር መኖሩ ነው። በግዕዝ ፊደል «አላህ አለ» ብዬ ብጽፍልሽ፣ አላህ ተናገረ ማለቴ ይሁን አላህ መኖሩን መመስከሬ ከጽሑፉ ብቻ አይለይም፤ ላልቶ ቢነበብ አንዱን፣ ጠብቆ ቢነበብ ሌላውን ይሰጣል። በዐጀም ግን ላሙ ላይ ሸዳ ከተቀመጠ ቃሉ ጠባቂ ነው፤ ነገሩ ተለይቶ አለቀ። ተውሒድ ለሚያስተምር ሰው ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። እርግጥ ጸሐፊው ሲቸኩል ሸዳውን ይዘለዋል፤ ስለዚህ ሸዳ ካየሽ እመኚው፣ ካላየሽ ግን ቃሉ ላልቷል ብለሽ አትደምድሚ።

አያትሽ ይህን ለምን ጻፉ ብለሽ ትጠይቂኝ ይሆናል። በዚያ ዘመን በወሎ የሙስሊም ልጅ መጀመሪያ የሚያውቀው ፊደል ቁርኣን የሚቀራበት ነው፤ ሀሁ የሚቆጠረው በአብዛኛው በቤተ ክርስቲያን ግቢ ነበርና ብዙዎች አልደረሱበትም። የሚናገሩት ግን አማርኛ ነው። መምህሩ የዐረብኛውን ኪታብ ያነባል፣ ቃል በቃል በአማርኛ ይፈታል፤ ደረሳውም ፍቺውን እንዳይረሳው በመስመሮቹ መካከል ወይም በኅዳጉ በጥቃቅን ፊደል ያሰፍራል። በደብተሩ መጀመሪያ ያሉት ገጾች እንዲህ ያሉ ናቸው፤ ትልልቁ ጽሑፍ ዐረብኛ፣ በመካከል ጣልቃ የገባው ትንሹ አማርኛ ነው። ከመስጊዱ ውጭ ላለው፣ ኪታብ ላልቀራው ሕዝብ ደግሞ ትምህርቱ በመንዙማ ይደርሰዋል። ይህ ልማድ የአማርኛ ብቻም አይደለም፤ በሐረር «ኪታብ አል ፈራኢድ» የተባለው የሃይማኖት ትምህርት በጥንቱ ሐረሪ ቋንቋ፣ በዐረብኛ ፊደል ተጽፎ ይገኛል።

በእኛ አገር ከዚህ ጋር ስማቸው አብሮ የሚነሣው የአርጎባው ሸኽ ጦልሐ ጃዕፈር ናቸው። ዐፄ ዮሐንስ ከ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ባዘዙበት ዘመን የተቃወሙ ዓሊም ሲሆኑ፣ በአማርኛ የገጠሟቸው መንዙማዎች በዐጀም ተጽፈው ቆይተዋል። ዐረብኛ አሳምረው እየቻሉ በአማርኛ መግጠማቸው እንዲሰማቸው የፈለጉት ማን እንደነበረ ይናገራል ብዬ አምናለሁ።

ወደ ግዕዝ ፊደል መገልበጥ ከጀመርሽ አንድ ነገር አደራ እልሻለሁ። እንዲህ ሲገለበጡ ያየኋቸው ሁለት ደብተሮች ተጎድተዋል፤ ገልባጩ የገጠሩን የወሎ አነጋገር ስሕተት እየመሰለው በከተማው አማርኛ ተካው፣ ስንኙም ቤት መምታቱን አጣ። አንቺ ግን በግራ የፊደሉን ምልክት እንዳለ፣ በቀኝ ያነበብሽውን አስፍሪ፤ ሁለት ንባብ ካለው ሁለቱንም ጻፊ፤ የጠበቀውንም ቃል ከላዩ ነጥብ አድርጊበት። ፎቶውንም ጥቁርና ነጭ አታድርጊው። አያትሽ አዝማቹን በቀይ ቀለም ነው የሚጽፉት፤ ቀለሙ ከጠፋ አዝማቹ ከስንኙ ጋር ተቀላቅሎ የግጥሙ አቆራረጥ ይሰወርብሻል።

በዘጠነኛው ገጽ ከላይ ሦስተኛው መስመር ላይ እኔም እስከ ዛሬ ያልቆረጥሁት አንድ ቃል አለ። ካፍ፣ ላምና አሊፍ ነው፤ «ገላ» ወይም «ከላ» ሊሆን ይችላል፤ በላሙ ላይ ያለችው ጭረት ሸዳ ትሁን የቀለም ጠብታ ዐይኔ አልለይ ብሎኛል። ያንን ቦታ አቅርበሽ በቀን ብርሃን አንሺልኝና ላኪልኝ። በዒድ ስትመጪ ደግሞ ከጎረቤት ካሉት አዛውንት ዘንድ ወስጄሽ ያንን ስንኝ እንዲያዜሙልን እንጠይቃቸዋለን፤ በልጅነታቸው ከአያትሽ አፍ ሰምተውታል።

ወሰላሙ ዓለይኪ።

አባትሽ፣ ከደሴ