የንባብ ክበብ፦ «ጥሩ መጽሐፍ አለ?» ማለት ያቆምንበት ዓመት

ዘንድሮ የትምህርት ቤታችን ክበብ 14 አባላት ነበሩት። ሁለቱ መሀል ላይ ወደ እግር ኳስ ኮብልለዋል፣ ስማቸውን አልጠራም። ስንጀምር ሐሳባችን እንደ ወትሮው መጽሐፍ እያነበብን በየሳምንቱ መጨዋወት ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ግን ሌላ ነገር ውስጥ ገባንና ዓመቱ በዚያው አለቀ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጆቹን «ሂዱና ከመጽሐፍ መደብር የየራሳችሁን መርጣችሁ ኑ» ብዬ ላክኋቸው። ስምንቱ ያንኑ አንድ መጽሐፍ ይዘው መጡ። ምን ብላችሁ ጠየቃችሁ ስላቸው መልሱም አንድ ሆነ፤ «ጥሩ መጽሐፍ አለ?» ሻጩም ከፊት የተቆለለውን፣ ሰሞኑን ሰው ሁሉ የሚገዛውን አንስቶ ሰጣቸው። ከስምንቱ ስድስቱ አልጨረሱትም። መጀመሪያ ሻጩን አማሁት። በኋላ ሳስበው ግን ሰውዬው የተጠየቀውን ነው የመለሰው። «ጥሩ» ለማን? ለመቼ? ለምን ጉዳይ? ማንም አልነገረውም።

ከዚያ በኋላ ሥራችን ሻጭን መጠየቅ መማር ሆነ።

ብዙ ያስተማረችን አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ናት። አንድ የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ በሁለት ቀን ጨርሳ፣ ደስ ብሏት፣ ሻጩ ጋ ተመልሳ «ሌላ የምርመራ መጽሐፍ ይስጡኝ» አለችው። ሰጣት። ገጽ 40 ላይ ዘጋችው። ሌላ ቀየረች፣ ያንንም ዘጋች። «ቲቸር፣ እኔ እንጃ፣ የመጀመሪያው ብቻ ነው ጥሩው» አለችኝ ተስፋ ቆርጣ። እስቲ ንገሪን፣ ከመጀመሪያው ምን ትዝ ይልሻል? አልናት። ሩብ ሰዓት አወራች። በሩብ ሰዓት ውስጥ ገዳዩን አንድ ጊዜ እንኳ አላነሳችውም! የምታወራው ስለ ሁለት እህትማማቾች ነው፤ በአንድ ቤት እየኖሩ ለዓመታት ስላልተነጋገሩ፣ ታላቂቱ የደበቀችው ደብዳቤ ቀስ በቀስ ስለሚወጣበት ነገር። ሟቹን ረስታዋለች። ልጅቷ የወደደችው ምርመራውን ሳይሆን ምስጢር ያለበትን ቤተሰብ ነው። ሻጩ ግን የነገረችውን ቃል ይዞ ወደ ምርመራ መደርደሪያ ሄደ፣ እዚያ ደግሞ ያገኘው ሽጉጥና ማሳደድ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ባለሙያ ልጥቀስ። ናንሲ ፐርል የተባለች አሜሪካዊት የቤተ መጻሕፍት ሰው፣ አንባቢ ወደ መጽሐፍ የሚገባባቸው አራት በሮች አሉ ትላለች፤ ታሪኩ፣ ሰዎቹ፣ ቦታና ዘመኑ፣ ቋንቋው። አራቱም በየመጽሐፉ አሉ፣ ግን አንዱ ሰፋ ይላል፤ አንባቢም የሚወደው በር አለው። የእናንተ የትኛው እንደሆነ ማወቅ ከባድ አይደለም። ስለወደዳችሁት መጽሐፍ ስታወሩ አፋችሁ የሚቀድመው ወዴት ነው? «ሌሊቱን ሙሉ ማስቀመጥ አቃተኝ» ካላችሁ ታሪኩ ነው የያዛችሁ። «ሲያልቅ ሰዎቹ ናፈቁኝ» ካላችሁ ሰዎቹ ናቸው። «እዚያ ሄጄ የመጣሁ መሰለኝ» የሚል ቦታውን ወዷል። «እንዳያልቅብኝ ቀስ እያልኩ አነበብኩት፣ አንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ደግሜ» የሚል ደግሞ የቋንቋ ሰው ነው። ይህን ለሻጭ መንገር የዘውጉን ስም ከመንገር ይበልጣል፤ ምክንያቱም «ምርመራ» ወይም «ፍቅር» የመደርደሪያ ስም ነው። መደርደሪያው ላይ አራቱም ዓይነት ተደባልቆ ተቀምጧል።

ቀጥለን የተውነውን መጽሐፍ መናገር ተለማመድን። ይህ እኔንም ገርሞኛል፤ የወደዱትን መጽሐፍ ሁሉም ይናገራል፣ ጀምሮ የተወውን ግን ሰው ይደብቃል። ለሻጭ ግን የተተወው ነው መንገዱን የሚያጠብለት። ልጆቹ ለምን ተዋችሁት ሲባሉ የሚያውቁት አንድ ቃል ነው፤ «ደበረኝ»። ስለዚህ ቃሉን በክበቡ ውስጥ ከለከልን (ቅጣቱ ጥቁር ሰሌዳ ማጥፋት ነበር፣ ሰሌዳውም ለአንድ ወር ንጹሕ ሆኖ ከረመ)። «ደበረኝ» ውስጥ ምን እንዳለ ስንፈታው፣ አንዱ 60 ገጽ አንብቦ ምንም አልሆነም፤ ሌላዋ ስሞቹ በዝተውባት ማን የማን ልጅ እንደሆነ ጠፍቶባታል፤ አንዱን ደራሲው በየምዕራፉ እየመከረ አስመርሮታል። መድኃኒታቸው አንድ አይደለም። ለመጀመሪያው ፈጣን መጽሐፍ፣ ለሁለተኛዋ ሰው ያነሰበት፣ ለሦስተኛው ጣልቃ የማይገባ ደራሲ ነው የሚያስፈልጋቸው። ሦስቱም «ደበረኝ» ብቻ ቢሉ ሻጩ ለሦስቱም አጭር መጽሐፍ ይሰጣቸው ነበር።

የተዋችሁበትን ገጽ ብትናገሩም ጥሩ ነው። ገጽ 15 ላይ የተወና ገጽ 200 ላይ የተወ ሰው ችግራቸው ይለያያል፤ አንደኛው አጀማመሩን አልወደደም፣ ሁለተኛው መጽሐፉ መቋጫ አጣበት። መቼ ይተው ለሚል ደግሞ እዚችው ፐርል የ50 ገጽ ሕግ አላት። እስከ 50 ዓመታችሁ ድረስ ለመጽሐፍ 50 ገጽ ዕድል ስጡት፤ ከዚያ በላይ ከሆናችሁ ዕድሜያችሁን ከ100 ቀንሱ፣ የቀረው ነው ገጹ። እኔ 47 ገጽ ብቻ ይበቃኛል፤ ልጆቹ ወዲያው አስልተው ዕድሜዬን አወቁብኝ።

ስሜት ሌላ ጉዳይ ነው። ስሜትና ምርጫ ይምታታሉ። ምርጫችሁ ዓመቱን ሙሉ የምትወዱት ነው፣ ስሜት የዚህ ሳምንት ነው። አንድ ልጅ አያቱ ያረፉ ሰሞን ሻጩን «አዝኛለሁ፣ የሚሆነኝ ይስጡኝ» አለው። ሻጩ አዝኖለት የሚያስቅ መጽሐፍ ሰጠው። ልጁ ተናደደ። የፈለገው ሳቅ ሳይሆን፣ የሚወደውን ሰው ያጣ ሰው ታሪክ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ደግሞ በዚያ ሳምንት የሐዘን መጽሐፍ ማየት አይፈልግም። ሁለቱም «አዝኛለሁ» ነው የሚሉት። ስለዚህ ስሜቱን ብቻ ሳይሆን መጽሐፉ ምን እንዲያደርግላችሁ እንደምትፈልጉ ጨምሩበት፤ አብሮኝ ይዘን ወይስ ያስረሳኝ? ደክሞኛል ካላችሁም፣ ከመተኛቴ በፊት አሥር ደቂቃ የማነበው፣ ምዕራፉ አጭር የሆነ፣ ብላችሁ ቁርጡን ንገሩት። ማንበብ የማትፈልጉት ነገር ካለም፣ ሕፃን የሚሞትበት ለምሳሌ፣ ምክንያት መስጠት ሳያስፈልጋችሁ ቀድማችሁ ተናገሩ። ሻጭ ይህን በግምት ሊያውቅ አይችልም።

ዓላማ ያለው ንባብ ላይ አንድ ምሳሌ ይበቃል። አንዲት ልጅ «ስለ ጠፈር» ብላ ጠይቃ የዩኒቨርሲቲ መማሪያ የሚያህል ነገር ተሸክማ መጣች፣ ሦስተኛው ገጽ ላይ ቀመር ጀመረ። ጥያቄውን አብረን ደግመን ጻፍነው፤ «ጥቁር ጉድጓድ ምን እንደሆነ ለታናሽ ወንድሜ በአሥር ደቂቃ ማስረዳት እፈልጋለሁ። ፊዚክስ እስከ ዘጠነኛ ክፍል ነው የማውቀው። ሥዕል ቢኖረው ደስ ይለኛል። ሁለት ሳምንት አለኝ።» ርዕስ ብቻ የነበረው፣ አንብባ ስትጨርስ ማድረግ የምትፈልገው ነገር፣ የዕውቀቷ ደረጃና ጊዜዋ ተጨመረበት። ሻጩ ይህን አንብቦ ከወንበሩ ሳይነሣ አንዱን አወጣላት፣ ቀጭን ነበር። ወንድሟ ገብቶት እንደሆነ አላውቅም፣ እሷ ግን ገብቷታል፤ ክበቡ ፊት ቆማ ስታስረዳ ሰምቻለሁ።

ወደ ዘጠነኛ ክፍሏ ልጅ ልመለስ። በመጨረሻ ወረቀት ላይ ጽፋ የሄደችው ይህ ነው፣ ፈቅዳልኝ እንዳለ አቀርበዋለሁ፤

«ጋሼ፣ ባለፈው የወሰድኩትን በጣም ወድጄዋለሁ፣ ግን በግድያው ሳይሆን በሁለቱ እህትማማቾች ምክንያት ነው። ምስጢር ቀስ እያለ ሲወጣ እወዳለሁ። ከዚያ በኋላ የሰጡኝን ሁለቱን ገጽ 40 አካባቢ ተውኳቸው፣ ሩጫ በዛባቸው፣ ሰዎቹን ሳላውቃቸው ሞቱብኝ። ምርመራ ባይሆንም ችግር የለውም። አሁን ፈተና ላይ ስለሆንኩ ከ250 ገጽ ባይበልጥ።»

ሻጩ አንብቦ ዝም አለ፣ ከዚያ «ሲያልቅ ሁሉም ነገር መፈታት አለበት ወይስ ተንጠልጥሎ ቢቀር ትችያለሽ?» ብሎ ጠየቃት። ይህን ጥያቄ ስትነግረን በጣም ደስ አለኝ። ሻጭ መልሶ ከጠየቃችሁ ሰምቷችኋል ማለት ነው። ተናግራችሁ ሳትጨርሱ እጁ መጽሐፍ ላይ ካረፈ ግን ጠርጥሩ፣ «እርስዎ አንብበውታል?» በሉት። አላነበብኩትም ማለት ነውር አይደለም፣ አንድ ሰው መደብሩን ሙሉ አንብቦ አይጨርስም፤ ግን ከራሱ ንባብ ነው ወይስ ሌላ ገዢ ወድዶት ሰምቶ ነው የሚለውን ማወቅ ይጠቅማል። ሻጩ ሦስት አቀረበላት። ከሦስቱም የመጀመሪያዎቹን ሁለት ገጾች እዚያው ቆማ አንብባ አንዱን ያዘች። ከምርመራ መደርደሪያ አይደለም፣ የቤተሰብ ታሪክ ነው። ጨርሳዋለች። ተመልሳ ሄዳም የወደደችውንና መሀሉ ላይ የረዘመባትን ነግራዋለች፤ ስለዚህ የሚቀጥለው ምክር ገና ስትገባ ይጠብቃታል።

በመጨረሻም መምህሩም ይሞክር ተባልኩ። ሄድኩ። ሻጩ የወደድኳቸውን ሦስት መጻሕፍት ሲጠይቀኝ፣ ተማሪዎቼ አጠገቤ ቆመው ስለነበር፣ ሦስት ወፋፍራም የፍልስፍናና የታሪክ መጻሕፍት ጠራሁ። ውሸት አልነበረም፣ አከብራቸዋለሁ። ግን አንዱንም አልጨረስኩም። ሰውዬው አምኖኝ አራተኛ ወፍራም ሰጠኝ፣ ገጽ 12 ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ፣ 47ም አልደረስኩ። በሚቀጥለው ሳምንት ብቻዬን ተመለስኩና፣ ባለፉት ሁለት ዓመታት እስከ መጨረሻ ያነበብኳቸውን ብቻ ነገርኩት፤ ሁለት የባሕር ላይ ጉዞ ታሪኮችና አንድ ልጆች የሚያነቡት የመናፍስት ታሪክ። አልሳቀም፣ ቢያንስ በግልጽ። ወደ ሌላኛው ጥግ ሄደና ሽፋኑ ላይ መርከብ ያለበት አንድ ቀጭን መጽሐፍ አምጥቶ ሰጠኝ። የ10ኛ ለ ተማሪዎች ያን ሐሙስ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ለምን ዓይኔ እንደቀላ ጠይቃችሁኝ «አቧራ ነው» ብያችሁ ነበር። አቧራ አልነበረም።