«15 የሥራ ቀን» ስንል መጨረሻው መቼ ነው?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

አዲስ አበባ ውስጥ የቢሮ ዕቃ የሚሠራ አነስተኛ ወርክሾፕ አለኝ። ጋዜጣችሁን በዋነኛነት የምገዛው፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ለጨረታ ማስታወቂያው ነው። ዛሬ የምጽፈውም ውሎቻችንና እነዚህ ማስታወቂያዎች ላይ ስለማትጠፋው «የሥራ ቀን» የምትል ቃል ነው።

ባለፈው ዓመት የገጠመኝን ላስቀድም። ሰኞ ሚያዝያ 6 ቀን 2017 ዓ.ም. ከአንድ ድርጅት ጋር 40 ጠረጴዛ ለማቅረብ ተፈራረምን። ዋጋው 480,000 ብር፣ የማስረከቢያ ጊዜው «15 የሥራ ቀናት» ነበር። በተዘገየ በእያንዳንዱ ቀን ከጠቅላላ ዋጋው ከሺህ አንድ፣ ማለትም 480 ብር ይቀጣል ይላል። ሁለታችንም አንብበን ፈረምን፤ የመጨረሻው ቀን ስንት እንደሆነ ግን አንዳችንም አልጠየቅንም።

እኔ የቆጠርኩት እንዲህ ነው። የፈረምንበትን ቀን ትቼ ከማክሰኞ ሚያዝያ 7 ጀመርኩ። እስከ ሐሙስ ሦስት ቀን ሆነ። አርብ ሚያዝያ 10 ስቅለት ነው፣ ቅዳሜና እሑድ እረፍት፤ እሑዱ ፋሲካም ነበር። ቀጣዩ ሳምንት ሙሉውን አምስት ቀን ስለሰጠ ስምንት ደረሰ። ከሚያዝያ 20 እስከ 22 ሦስት ተጨመረና 11 ሆነ። ሐሙስ 23 የሠራተኞች ቀን ነው፣ ዘለልኩት። አርብ 24 አሥራ ሁለተኛዬ ነው። ሰኞ 27 ደግሞ የአርበኞች ቀን። ማክሰኞ፣ ረቡዕና ሐሙስ ሲጨመሩ 15ኛው ቀን ሐሙስ ሚያዝያ 30 ላይ አረፈ። በዚያው ቀን ጠዋት ዕቃውን ጭኜ ሄድኩ።

የተቀበለኝ የግዢ ክፍል ኃላፊ ግን «አምስት ቀን ዘግይተሃል» አለኝ። እነሱ ቅዳሜን ቆጥረዋል። ቢሮአቸው ቅዳሜ ይሠራል፣ የእኔም ወርክሾፕ እንዲሁ። በዓላቱን እንደኔው ዘለዋል፣ ቅዳሜዎቹን ሲያስገቡ ግን 15ኛው ቀን ቅዳሜ ሚያዝያ 25 ይሆናል። ስሌቱን ደጋግሜ ፈተሽኩት፣ ልክ ነው። በሕግም ቢሆን ጥግ አላጣም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው ያደረገው። 48 ለ8 ሲካፈል ስድስት ቀን ነው። ቅዳሜን ዝግ ከሚያደርግ መሥሪያ ቤት ጋር ስንዋዋል ሳምንቱ አምስት ቀን ይሆናል፤ ከፋብሪካ ወይም ከባንክ ጋር ሲሆን ስድስት። ቃሉ አንድ ነው፣ ሳምንቱ ግን ሁለት።

በጣም ያበሸቀኝ ቅጣቱ የተሰላበት መንገድ ነው። አምስቱ የዘገዩ ቀናት ከእሑድ 26 ጀምሮ እስከ ሐሙስ 30 ያሉት ናቸው። ከነሱ አንዱ እሑድ ነው፣ አንዱ የአርበኞች ቀን። ማስረከቢያው በሥራ ቀን ተቆጥሮ ቅጣቱ በካላንደር ቀን! ውሉን አውጥቼ ሳነበው ግን እውነታቸውን ነው፤ የቅጣቱ አንቀጽ «ቀን» ይላል እንጂ «የሥራ ቀን» አይልም። 2,400 ብር ተቆረጠብኝ። ገንዘቡ አይጎዳኝም፣ አንቀጹን ሳላይ መፈረሜ ግን እስካሁን ያናድደኛል።

ከዚያ ወዲህ ውል ከመፈረሜ በፊት ቀኑን በኤክሴል አወጣለሁ። ለሌላውም ይጠቅም እንደሆነ እነሆ፦

```
=WORKDAY.INTL(A2,15,1,F2:F20)
=WORKDAY.INTL(A2,15,11,F2:F20)
```

`A2` የፈረምንበት ቀን ነው፣ `F2:F20` የበዓላት ዝርዝር። `1` ቅዳሜንና እሑድን ያወጣል፣ `11` እሑድን ብቻ። በእኔ ጉዳይ የመጀመሪያው 2025-05-08 ይላል፣ ማለትም ሚያዝያ 30፤ ሁለተኛው 2025-05-03፣ ሚያዝያ 25። ይህ ቀመር የፈረምንበትን ቀን አይቆጥርም። በሁለት ቀኖች መካከል ያለውን የሚቆጥረው `NETWORKDAYS.INTL` ግን መነሻውንም መድረሻውንም ስለሚያስገባ፣ ያንኑ ስሌት በእሱ ለማጣራት የሞከረ ሰው 16 ያገኛል። ስህተት የመሰለው የአቆጣጠር ልዩነት እንጂ የማሽን ጉድለት አይደለም።

ኤክሴል የእኛን ዘመን አቆጣጠር አያውቅም። የበዓል ዝርዝሩ ላይ 10/8/2017 ብላችሁ ብትጽፉ ዝም ብሎ ይቀበላል፤ ስቅለት መሆኑን ግን አይረዳም፣ ከስምንት ዓመት በፊት የነበረ የፈረንጅ ቀን ነው የሚመስለው። አንድም በዓል ሳይቀነስ ውጤቱ ይመጣል። በእኔ ምሳሌ 2025-05-05 ይወጣ ነበር፣ ሚያዝያ 27፣ ራሱ የአርበኞች ቀን። የማስረከቢያ ቀን በዓል ላይ ካረፈ ዝርዝሩ አልተነበበም ማለት ነው።

ያለፈውን ዓመት ዝርዝር መገልበጥም አያዋጣም። ስቅለትና ፋሲካ በየዓመቱ ይዞራሉ። ጳጉሜን ስድስት ከሆነች በኋላ በሚመጣው ዓመት ደግሞ እንቁጣጣሽ፣ መስቀልና ጥምቀት በፈረንጁ አንድ ቀን ወደፊት ይገፋሉ፤ የ2016 ጥምቀት የዋለው ጃንዋሪ 20 ነበር። ገና በተቃራኒው ጃንዋሪ 7 ላይ ይቆይና በእኛ ታኅሣሥ 28 ይሆናል። ኢድ አልፈጥርን የሚያረጋግጠው ጨረቃ ስለሆነ፣ በዋዜማው ካልሆነ በቀር ዝርዝሩ ላይ በእርግጠኝነት የሚጻፍ ቀን የለም። እኔ ረመዳን መጨረሻ ላይ የሚያልቅ ውል ሲመጣ ሁለቱንም ቀን ነው የማሰላው።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ገጾቻችሁ ላይ የሚወጡ ማስታወቂያዎች «ይህ ማስታወቂያ በጋዜጣ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ባሉት 15 ተከታታይ የሥራ ቀናት» ይሉና፣ ሳጥኑ «በ16ኛው ቀን ከጠዋቱ 4:00 ሰዓት» ይዘጋል ይላሉ። «ከወጣበት ቀን ጀምሮ» ሲል የወጣበት ቀን አንድ ተብሎ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም? ማስታወቂያው እንደኔው ውል ሚያዝያ 6 ወጥቶ ቢሆን፣ ቅዳሜ ባይቆጠር እንኳ 16ኛው ቀን ወይ ሚያዝያ 30 ነው ወይ ግንቦት 1። ሰነዱን ይዞ አርብ ግንቦት 1 ጠዋት የሚደርስ ተጫራች ሳጥኑ ትናንት ተከፍቶ ሊያገኘው ይችላል። የጨረታ ማስከበሪያ ለማሠራት ባንክ ሲመላለስ የከረመው በከንቱ ነው። «ተከታታይ» የምትለዋን ቃል ደግሞ ቅዳሜና እሑድም ይቆጠራል ብሎ የሚተረጉም ባልደረባ አለኝ።

ማስታወቂያ የምትቀበለው ክፍላችሁ አንድ ነገር ብትጠይቅ ደስ ይለኛል፦ ከቀናቱ ቁጥር አጠገብ ሳጥኑ የሚዘጋበት ቀንና ወር በግልጽ ይጻፍ። «ሐሙስ ሚያዝያ 30 ቀን 2017 ዓ.ም. ከጠዋቱ 4:00 ሰዓት» ለማለት ከአንድ መስመር በላይ አይፈጅም።

ከአክብሮት ጋር
የቢሮ ዕቃዎች ወርክሾፕ ባለቤት፣ አዲስ አበባ