የአኒሜሽን ክበብ ዓመት፦ የጃንጥላዋ ፊልም በምን ተሠራች?

ክበባችን ዘንድሮ የሠራው አንድ ፊልም ብቻ ነው። ታሪኩ ገና በመጀመሪያው ሳምንት አልቆ ነበር፦ ነፋስ የአንዲት አሮጊት ጃንጥላ ነጥቆ ይሄዳል፤ አንድ ልጅ ከጣሪያ ጣሪያ እየዘለለ ያሳድደዋል፤ በመጨረሻም ይዞላቸው ይመጣል። ንትርኩ የመጣው በምን እንሥራው ስንል ነው። ግማሾቹ ልጆች በእጅ ስዕል በስዕል ይሁን አሉ። ጥቂቶቹ ያለ ስሪ ዲ ፊልም ፊልም አይመስልም ብለው ድርቅ አሉ። ከወረቀት ቆርጦ የማንቀሳቀሱን ዘዴ፣ ካትአውት የሚባለውን፣ የደገፈችው አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ብቻ ነበረች፤ እሷንም «የሕፃናት ሥራ ነው» ብለው ሳቁባት።

ድምፅ ማሰጠት አልፈለግሁም። ገንዘብ ስለሌለን የምንከፍለው በሰዓት ነው፤ ስለዚህ ሰዓቱን እንቁጠር አልኩ። ፊልሙን 150 ሴኮንድ ብለን አቀድን። የፊልም ሴኮንድ 24 ምስል ቢኖረውም አንዱን ምስል ሁለት ጊዜ ማሳየት የተለመደ ነው፤ ለዓይን 12ቱ ይበቃል። 150 በ12 ሲባዛ 1,800 ምስል ይሆናል። ከዚያ በሦስት ቡድን ተከፍለን አንድ ዓይነት የ4 ሴኮንድ ትዕይንት ሠራን፦ ልጁ ጎንበስ ይላል፣ ጃንጥላውን ያነሳል፣ ወደ እኛ ዞሮ ያያል። ዞሮ እንዲያይ ያደረግሁት አውቄ ነው፤ ተንኮሉ በኋላ ይገባችኋል።

ሳዮቹ 48 ስዕል ሠሩ። መስመሩም ቀለሙም ተደምሮ አንዱ በአማካይ 20 ደቂቃ ፈጀ። መዞሩ አምሮላቸው ነበር፤ እርሳስ የያዘ ሰው ምንም ነገር ማዞር አይቸግረውም። ግን 1,800 ስዕል በ20 ደቂቃ 600 ሰዓት ነው። ከአባላቱ መካከል ከስዕል ወደ ስዕል የልጁን ፊት ሳይቀይሩ መሳል የሚችሉት 6 ነበሩ። በሳምንት 2 ሰዓት እንገናኛለን፤ የቀረን ደግሞ 21 ሳምንት ነው፤ የ6ቱ ሰዓት ቢደመር 252 አይበልጥም። እዚህ ላይ ሳዮቹ ዝም አሉ።

የስሪ ዲው ቡድን የተጠቀመው ብሌንደር የተባለውን ነፃ ሶፍትዌር ነው። ሶፍትዌሩ ነፃ ቢሆንም ልጁን መሥራቱ ግን ነፃ አልነበረም። አካሉ ተቀርጾ ካለቀ በኋላ ውስጡ አጥንት ይገባል፤ ከዚያ የትኛው አጥንት የትኛውን የቆዳ ክፍል ምን ያህል እንደሚጎትት አንድ በአንድ መወሰን አለበት። የኛ ልጅ ክንዱን ባጠፈ ቁጥር ክርኑ እንደ ታጠፈ የውሃ ጎማ ይሳሳ ነበር። አምስት ሳምንት ሙሉ ከዚያ ክርን ጋር ታገሉ። ምስሉን ኮምፒውተሩ አስልቶ እስኪያወጣ፣ ሬንደር የሚባለው፣ አንዱ 6 ደቂቃ ስለሚወስድ 1,800ው ለአንድ ማሽን 180 ሰዓት ነው። እሱስ ሰው ሳይቀመጥበት ሊሠራ ይችላል፤ የገደለን ግንባታው ነው። በስሪ ዲ ድካሙ ሁሉ ከፊት ነው የሚከፈለው፤ ልጁ አንዴ ከተሠራ ግን ለሃያ ደቂቃም ለሁለት ሰዓትም ይሮጥልሃል። ረጅም ተከታታይ ብናስብ ኖሮ እኔም ከእነሱ ጋር እቆም ነበር። ለ150 ሴኮንድ ግን ቤት ሠርቶ አንድ ሌሊት እንደ ማደር ነው።

የካትአውቷ ልጅና ሁለት ጓደኞቿ አሻንጉሊቱን ከካርቶን በሁለት ቀን ሠሩ፤ መገጣጠሚያዎቹን በክር አሰሩ። ጠረጴዛ ላይ አጋድመው፣ ስልክ ከላይ አስረው፣ ትንሽ እያንቀሳቀሱ ፎቶ አነሱ። አንዱ ምስል 2 ደቂቃ ያህል ነው፤ 1,800ው 60 ሰዓት። ልጁ ወደ እኛ መዞር ሲኖርበት ግን ተያዙ። በጎን የተቆረጠ ወረቀት በፊት አይታይም። መፍትሔውን ያገኘችው እሷው ናት፦ አንድ ተጨማሪ ጭንቅላት በሰያፍ፣ አንድ ደግሞ በፊት ለፊት ቆረጠች፤ በሰያፉ ምስል ላይ ዓይኑን ጨፍና ሳለችው። ሲታይ ልጁ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ የዞረ ይመስላል። ከሳቁት አንዱ «እንደገና አሳዪን» አለ።

ካትአውት ተመረጠ። ጠረጴዛው አንድ ብቻ መሆኑን ግን ረስተን ነበር፤ 60 ሰዓት በሳምንት 2 ሰዓት 30 ሳምንት ነው። ሁለተኛ ጠረጴዛና ሁለተኛ ስልክ አዘጋጀን። የሁለቱ ስልኮች ቀለም ስለማይመሳሰል የቤት ውስጡን ትዕይንት ለአንዱ፣ የውጪውን ለሌላው ሰጠን።

የመጀመሪያዎቹን 140 ምስሎች ጣልናቸው። በየተራ ስናያቸው እንከን የላቸውም፤ በሴኮንድ 12 ስናስኬዳቸው ግን ምንም ያልተንቀሳቀሰው ግድግዳ እንደሚጠፋ አምፖል ብልጭ ድርግም ይላል። ስልኩ ብርሃኑን በራሱ እያስተካከለ ነበር። የአንዱ ልጅ ነጭ እጅጌ ወደ ጠረጴዛው በቀረበ ቁጥር የተለየ ምስል ይወጣል። ከዚያ ወዲያ የስልኩን ብርሃን፣ ቀለምና ፎከስ ቆለፍን፤ መስኮቱን ጋርደን በሁለት መብራት ብቻ ሠራን፤ ጠረጴዛው አጠገብ ነጭ ልብስ ተከለከለ። (እኔም ጋዋኔን አወለቅሁ።)

የቀረው ጃንጥላው ነው። 8 ሴኮንድ ያህል በአየር ላይ እየተገለባበጠ ይበራል፤ አንዴ ከታች፣ አንዴ ከጎን፣ አንዴ ከአናቱ ይታያል። ጠፍጣፋ ካርቶን ይህን አያደርግም። 96 ስዕል ያስፈልጋል፤ ሳዮቹ ደስ ብሏቸው ተቀበሉ፤ ነገር ግን የሚገለባበጥ ጃንጥላ ዘንጎቹ ይምታታሉ፤ በሁለተኛው ቀን ስምንት ዘንግ የነበረው ጃንጥላ ዘጠኝ ሆኖ ተገኘ። ያን ጊዜ ነው የስሪ ዲው ቡድን፣ ከዚያ ሁሉ ክርን በኋላ፣ ዕድሉ የመጣለት። ጃንጥላ ክርን የለውም። በአንድ ቀን ብሌንደር ውስጥ ሠርተው አገለባበጡት፤ 96ቱን ምስል ስድስት ስድስት አድርገው በ16 ወረቀት አተሙት። ሳዮቹ መስኮት ላይ ለጥፈው ገለበጡ፣ ቀለም ቀቡ፣ ቆረጡ። የተቆረጡትም እንደ ልጁ ጠረጴዛ ላይ እየተተኩ ፎቶ ተነሱ፤ ስለዚህ የወረቀቱ ሸካራነትና ጥላው ከሌላው ፊልም አልተለየም። የኮምፒውተር ጃንጥላ በቀጥታ ብናስገባ ኖሮ ከሌላ ፊልም የተቀዳ ይመስል ነበር።

ቁጥሩን በጀርባቸው እንዲጽፉ ነግሬያቸው ነበር። ከ41 እስከ 60 ያሉትን ሳይጽፉ ቀሩ። ከዚያ አንድ ሰው በሩን ከፈተ፤ ጃንጥላዎቹ ተነሥተው ወለሉ ላይ ተበተኑ። ሃያውን መልሶ በተራ ማስቀመጥ ሙሉ ከሰዓት ፈጀብን፤ ይህም የሆነው ከኮምፒውተሩ ጋር እያስተያየን ነው።

ፊልሙ በመጨረሻ 134 ሴኮንድ ሆነ። የቀነስነው የሩጫውን ነው። በካትአውት ሩጫ ከባድ ነው፤ እግሩ መሬቱን የረገጠበት ቦታ በየምስሉ ትንሽ ከሸሸ ልጁ በረዶ ላይ የሚንሸራተት ይመስላል። ግማሹን ሩጫ እግሩ እንዳይታይ ከወገብ በላይ አነሳነው። ፊልሙ በታየበት ቀን አንድ አባት ወደ እኔ መጥተው ጃንጥላውን በምን እንዳበረርነው ጠየቁኝ። ሳጥኑን አምጥቼ 96ቱን አሳየኋቸው፤ 53 ቁጥር ዛሬም ተገልብጦ ነው ያለው፤ ፊልሙም ውስጥ እንዲሁ ነው፤ እስካሁን ማንም አላየውም።